ሳሙና ያልሆነው ዘይት

ሰውየው ጀሪካን ሲቀበል በቅድሚያ የሚያደርገው ክዳኑን ከፍቶ ማሽተት ነው። አይቸኩልም። ዓይኑን ጨፍኖ አንዴ ይስባል፤ ፊቱን መለስ አድርጎ ንጹሕ አየር ይወስዳል፤ ከዚያ እንደገና ይስባል። "ዓሣ ነው" ይላል። "ድንችም አለበት። ሽንኩርት ደግሞ አሳርራችሁበታል።" በወጥ ቤቱ ያሉት ይስቃሉ፣ ሽንኩርቱን ያሳረረችው ግን ወደ አለቃዋ ሰረቅ አድርጋ ታያለች።

ጋሽ አፍንጫ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት የጋራዡ መካኒክ ነው። አንድ ጊዜ ከድንች ጠባሿ የመጣ ጀሪካን ጋራዡ በር ላይ ከፍቶ ሲያሸት፣ "ይሄ ዕቃ ቀድሞ ናፍጣ ነበረበት፤ አልወስድም" ብሎ መለሰው። ጠባሿ እያጉረመረመች ሄዳ ብትጠይቅ ጀሪካኑን ያዋሳት ጎረቤት የጄኔሬተር ናፍጣ ያስቀምጥበት ኖሯል። መካኒኩ ከዚያን ቀን ወዲህ በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም። ሰውየውም ስሙን አልጠላውም። ሲጠሩት ቀና ብሎ ነው የሚመጣው።

ሥራው ያገለገለ ዘይት መሰብሰብ ነው። ባለ ሦስት ጎማ የጭነት ተሽከርካሪው ላይ ሁለት በርሜል አስሯል፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ጥቁር። ቢጫው ከምግብ ቤት ለሚወጣው፣ ጥቁሩ ከጋራዥ ለሚወጣው የተቃጠለ ዘይት ነው። ባልዲውም ጨርቁም ለየብቻ ነው። የጥቁሩን ባልዲ የያዘበትን ጓንት ሳያወልቅ የቢጫውን በርሜል ክዳን አይነካም። ጥቁሩን ከከተማው ጫፍ ያለ ማጣሪያ ፋብሪካ ይረከበዋል፤ እዚያ ከጥቀርሻውና ከብረት ብናኙ ተለይቶ እንደገና የሞተር ዘይት ይሆናል። ቢጫው የሚሄደው ወደ ሳሙና ሠሪዋ ነው። ሁለቱ ከተገናኙ ሁለቱም ይበላሻሉ። የሞተር ዘይት ከምድር ሥር የወጣ እንጂ ስብ አይደለም፤ ስብ ብቻ ነው ሳሙና የሚሆነው። በዚያ ላይ የተቃጠለው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ለሰው ቆዳ ጠር ነው።

እዚህ ሥራ ላይ የደረሰው በቱቦ በኩል ነው። ቀድሞ የተዘጋ ቱቦ ከፋች ነበር። ምግብ ቤት ቱቦው ሲዘጋበት እሱን ይጠራል፤ እሱም ረጅሙን ሽቦ ይዞ በሆዱ ይተኛል። የሚያወጣው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር፤ እንደ ሻማ የረጋ፣ ነጣ ያለ፣ ክንድ የሚያህል የዘይት ጓል። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ያንን ነገር በእጁ እያገላበጠ "ለምን ከዚህ ጫፍ ላይ እጠብቀዋለሁ? ከመጥበሻው ጫፍ ብቀበለውስ?" አለ። ሚስቱ ይህን ስትሰማ "ዛሬ ገና ነቃህ" አለችው። ታላቅ እህቷ በዚያን ጊዜ ሳሙና መሥራት ጀምራ ዘይት ይወደድባት ነበር። እንዲህ ሆኖ ቢጫው በርሜል ሥራ ጀመረ።

ነገሩ የመጣው በአንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ሳሙና ሠሪዋ አስጠራችው።

ቤቷ ከፊት መኖሪያ፣ ከጓሮ መሥሪያ ነው። በጓሮው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ረጃጅም የእንጨት ቅርጾች ተደርድረዋል፤ ዘይቱ በኮስቲክ ሶዳ ሳሙና ሆኖ ይፈስባቸዋል፣ ይረጋና በሽቦ ይቆረጣል። እሷ ጉልበቷ ድረስ የሚደርስ የጎማ ልብስ ታጥቃ፣ የመከላከያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቆማለች። ትላንት የፈሰሰው ሳሙና ከፊቷ ነው።

"ና እስቲ እየው" አለችው።

አየው። ላዩ ላይ ላብ አውጥቷል። እንደ ሰው ግንባር ላብ ጠብ ጠብ ያለ፣ ጥርት ያለ ዘይት። በጣቱ ሲጫነው ሳሙናው ተሰረጎደ፤ ጣቱ ሲነሳም ቦታው ላይ ዘይት ቋጠረ።

"ኮስቲክ አሳንሰሽ ይሆናል እትዬ።"

"እኔም እንደሱ ብዬ ነበር።" ከጥጉ ቁራጭ በቢላ ላጠችና አቀበለችው። "ጫፉን በምላስህ ንካው። እንዳትውጠው ደግሞ!"

ነካው። ምላሱን እንደ ባትሪ ጫፍ ነዘረው። ተፍቶ አፉን በውኃ ተጉመጠመጠ።

"ኮስቲኩ ተርፏል" አለች። "ሳያልቅ ተርፎ ምላስ ይነዝራል። ዘይቱም ተርፏል፤ ይኸው ላይ ላይ ይንሳፈፋል። ሁለቱም እዚህ አንድ ሣጥን ውስጥ አድረው አልተነካኩም። ኮስቲክ ቢጎድል ዘይት ይተርፋል። ዘይት ቢጎድል ኮስቲክ ይተርፋል። ሁለቱም እንዴት ይተርፋሉ?"

መልሱን ራሷ አግኝታዋለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው፣ ይህም ከጩኸቷ የከፋ ነበር።

"ኮስቲክ የማይበላው ዘይት ገብቶበታል። የመኪና ዘይት።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ..."

"አንተ እኮ የእህቴ ባል ነህ። ግን ዝምድና ሳሙና አያረጋም። ሳሙናዬን የሚወስደው ልብስ ማጠቢያ ቤት የሰው አንሶላ በዚህ ሊያጥብ ነው? ሰኞ ሌላ ሳሙና እሠራለሁ። እስከ ሰኞ ከየት እንደገባ ካላወቅን፣ ዘይት በትልቁ መኪና ከሚሰበስቡት ሰዎች እገዛለሁ። አንተን ጠልቼ አይደለም። የማላውቀውን ነገር ድስቴ ውስጥ አልጨምርም።"

ወደ ቤቱ ሲመለስ በየመንገዱ እየቆመ ቢጫውን በርሜል ከፍቶ አሸተተ። ዓሣ፣ ድንች፣ ዶሮ፣ የተቃጠለ ዱቄት። የሞተር ዘይት ያ የሚያንቅ የጭስና የብረት ሽታው የለም። አልደባለቀም፤ ይህን ያውቃል። ችግሩ ግን ያውቃል እንጂ ማሳየት አይችልም። ሳሙና ሠሪዋ ከተወችው ቢጫው በርሜል ባዶ ይቀራል። ጥቁሩ ብቻውን ተሽከርካሪውን አያንቀሳቅስም። ያኔ የቀረው ያ ረጅም ሽቦ ነው፤ እንደገና በሆድ ተኝቶ የሰው ቱቦ መጎርጎር።

ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ ቀድማ የእህቷን ወገን ያዘች፤ ቀጥላ የሱን ያዘች፤ በመጨረሻ "ምናልባት አፍንጫህ አርጅቷል" አለች።

"አፍንጫ ያረጃል እንዴ?"

"ጉልበት ያረጃል፣ ዓይን ያረጃል። አፍንጫ ምን ልዩ አደረገው?"

ይሄኛው ቃል ከሳሙና ሠሪዋ ቁጣ የበለጠ ቆረቆረው። በማግሥቱ ጋራዥ ገብቶ መካኒኩን አንድ ነገር አስቸገረው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል፤ መካኒኩ ደግሞ የፈለገውን ከአፍንጫው ሥር ያቅርብ።

መካኒኩ ከመኪና ሥር ተስቦ ወጣ። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው። "ጉንፋን ይዞህ ነው ጋሼ፣ ወይስ ሐኪም አዞልህ?"

"አቅርብ ስልህ አቅርብ።"

የማርሽ ዘይት አቀረበ፤ አወቀው። የፍሬን ዘይት አቀረበ፤ አወቀው። የተቃጠለ የናፍጣ ሞተር ዘይት፣ የተቃጠለ የቤንዚን ሞተር ዘይት፤ ለየብቻ አወቃቸው። መካኒኩ በመጨረሻ የገዛ ካልሲውን አቀረበለት።

"ይሄን ወደ ማጣሪያ ፋብሪካው አልወስድልህም" አለ ጋሽ አፍንጫ ዓይኑን ሳይገልጥ። ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። እሱ ግን ሳይስቅ ወጣ፤ አንድ ነገር እያሰበ ነበር። አፍንጫው ደኅና ከሆነና የሞተር ዘይት ካልሸተተው፣ የገባው ነገር የሞተር ዘይት አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ከፍርሃቱ ቀደመ። ወደ ሳሙና ሠሪዋ ሄዶ "ሰኞን አልጠብቅም፤ ቅዳሜ ሁሉንም እንፈትናለን" አላት።

"ሁሉንም ማለት?"

"ዘይት የምቀበልበትን ቤት ሁሉ። ከየጀሪካኑ ትንሽ ትንሽ ለየብቻ አመጣለሁ። ለየብቻው ሳሙና አድርጊው። እምቢ ያለው ይታወቃል።"

አሰበችበት። ሰኞ ሌላ ሰው ዘንድ መሄዱን እሷም አልወደደችውም ነበር፤ የማታውቀውን ሰው ዘይት ማመን የሚያውቁትን ከመጠርጠር አይቀልም። "ብርጭቆ ከየት ይመጣል?" አለች።

ብርጭቆው ከገዛ ቤቱ መጣ። ሚስቱ ሳታይ።

ቅዳሜ ከሰዓት በጓሮው ጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆዎች ተሰለፉ። በእያንዳንዱ ሥር የመጣበት ቤት ምልክት አለ፤ ለዓሣ ጠባሹ እሾህ፣ ለድንች ጠባሿ ልጣጭ፣ ለዶሮ ቤቱ ላባ፣ ለዳቦ ቤቱ የዳቦ ፍርፋሪ። የዓሣ ጠባሹ ዘይት ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ሆኗል። የዳቦ ቤቱ ግን ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ያሳያል።

"እንወራረድ" አለ ጋሽ አፍንጫ። "ዓሣ ጠባሹ ነው። ይሄ ሰውዬ ዘይቱን ከአያቱ የወረሰ ይመስለኛል።"

"ዶሮ ቤቱ ነው" አለች እሷ። "የእነሱን ወጥ ቤት አይቻለሁ።"

ዳቦ ቤቱን ማንም አልጠረጠረም። እንዲያውም ከሁሉ የምትወደው የሱን ዘይት ነበር። የዳቦ ቤቱ ጀሪካን ጥርት ብሎ መምጣት ሲጀምር "ከዚህኛው አብዝተህ አምጣልኝ፤ ሳሙናዬን ያነጣልኛል" ብላ የላከችው እሷ ናት። እሱም ሌላውን ቤት እየተወ ወደዚያ ደጋግሞ ሲሄድ ሰንብቷል።

መነጽሯን አወረደች። ኮስቲኩን ውኃ ውስጥ ቀስ አድርጋ ጨመረች፤ ውኃውን ኮስቲኩ ላይ አታፈስም፤ ፈንድቶ ፊት ያቃጥላል። ውኃው ያለ እሳት ጋለና እንፋሎት አወጣ። ትንሽ ጠብቃ በየብርጭቆው ዘይት ላይ በማንኪያ ጨመረች፣ ትንሽ አልኮልም አክላ፤ እንዲቸኩል ነው አለችው። ብርጭቆዎቹን ሙቅ ውኃ የያዘ ሰፊ ድስት ውስጥ አቆመቻቸው። ከዚያ ሁለቱ በየተራ ያማስላሉ፤ እሷ ከወዲህ፣ እሱ ከወዲያ።

"ጓንትህ!"

"አድርጌያለሁ።"

"አፍንጫህን አርቅ። ይሄ አይሸተትም።"

መጀመሪያ የረጋው የዓሣ ጠባሹ ነው። ያ ሬንጅ የመሰለው ዘይት ወፈረ፣ ቡናማ ሆነ፣ እንደ ገንፎ ማንኪያውን ያዘ። ጋሽ አፍንጫ አፉን ከፍቶ ቀረ። የድንች ጠባሿ ተከተለ። የዶሮ ቤቱም ዘግይቶ ረጋ። ሳሙና ሠሪዋ በዶሮ ቤቱ ትንሽ ቅር አላት።

የዳቦ ቤቱ ብርጭቆ ግን ዝም አለ። ባማሰሉት ቁጥር ይደፈርሳል፤ ማንኪያው ሲወጣ ይለያያል። ኮስቲኩ ከሥር፣ ዘይቱ ከላይ፣ በመካከላቸው እንደ ክር የቀጠነ መስመር።

"አልሞቀም ይሆናል" አለ እሱ።

አሞቁት። አማሰሉት። መስመሩ ተመልሶ መጣ።

ለማረጋገጥ በየብርጭቆው ፍል ውኃ ጨመሩበት። እሾህ ያለበት ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ አረፋ ደፈቀ፤ ላዩ ላይ አንዳች ዘይት የለም። ልጣጩና ላባውም እንደዚያው። ፍርፋሪው ያለበት ብርጭቆ ላይ ያ ጥርት ያለ ዘይት እንደ መስተዋት ተኝቶ ቀረ፤ ልክ እንደ መጣ።

ሁለቱም ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። የዳቦ ቤት ዘይት ነው። መኪና አጠገቡ አልደረሰም። ነገር ግን ኮስቲክ የማይነካው ነው።

"ሽታውስ?" አለች በመጨረሻ። ከመጣ ጀምሮ ስለ አፍንጫው ስትጠይቀው የመጀመሪያዋ ነው።

ከጀሪካኑ የተረፈውን አሸተተ። ፊቱን መልሶ እንደገና አሸተተ።

"ምንም" አለ።

"ምንም ማለት ጥሩ?"

"እኔም ጥሩ መስሎኝ ነበር።" ጀሪካኑን አስቀመጠ። "እትዬ፣ ያልተጠበሰበት ዘይት እንኳን ይሸታል። ሱፍ ሱፍ ይላል፣ ኑግ ኑግ ይላል። ይሄ ከምንም የመጣ አይመስልም። ምንም አለመሽተቱን እንደ ንጽሕና ቆጥሬው፣ ከየት መጣህ አላልኩትም።"

ዳቦ ቤቱ ቅዳሜም እሑድም ይሠራል፤ ወዲያው አብረው ሄዱ። እሷ የጎማ ልብሷን እንደታጠቀች ተሽከርካሪው ላይ ከበርሜሎቹ አጠገብ ተቀመጠች፤ መንገድ ላይ የሚያውቃት ሁሉ እየዞረ አያት።

ዳቦ ጋጋሪው ቅንድቡ ዱቄት የለበሰ ሰፊ ሰው ነው። ሁለቱን አብረው ሲያያቸው ደነገጠ። "ምነው፣ ሰው ሞተ?"

"ሳሙና ሞተ" አለች እሷ። "ይህንን ዘይት የት ነው የምትጠብሱበት?"

"አንጠብስበትም።"

ከጓሮ የምድጃው ነፋስ ማራገቢያ ይጮኻል።

"ቦምቦሊኖ የምንጠብስበት ሌላ ነው" አለ ጋጋሪው። "ያንን ለጋሽ አፍንጫ ስንሰጥ ኖረን የለም እንዴ? ይሄኛው የማሽኑ ነው። ኑ ግቡ።"

ከሊጥ ማቡኪያው ቀጥሎ አዲስ ማሽን ቆሟል። ከላይ ሊጥ ይገባል፤ ውስጡ ያለው ቢላ ይቆርጠዋል፤ ከታች እኩል እኩል የሆነ ሊጥ እየተንከባለለ ይወጣል። ድሮ በእጅ የሚመዝኑት ነበር። ሊጡ ቢላው ላይ እንዳይጣበቅ ቀጭን ቧንቧ ዘይት ያንጠባጥብበታል፤ የተረፈው ከሥሩ ባለ ትሪ ላይ ይጠራቀማል። ትሪው ሞልቶ ነበር።

ጋጋሪው ከመደርደሪያ ላይ የዘይቱን ቆርቆሮ አወረደ። "ከማሽኑ ጋር የመጣ ነው። ለምግብ ማሽን ተብሎ የሚሠራ፤ ሊጥ ቢነካ አይጎዳም። የምግብ ዘይት ብናደርግ ቢላው ላይ እየደረቀ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ይሸታልም ብለውናል።"

ሳሙና ሠሪዋ ቆርቆሮውን ተቀብላ ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበች። ነጭ የማዕድን ዘይት ይላል። አሳየችው።

ጋሽ አፍንጫ አነበበ። ከዚያ ማሽኑን ዞሮ አየ፤ ጎንበስ ብሎ ቧንቧውን፣ ቢላውን፣ ትሪውን አየ። ንዴት ሊመጣበት ሲገባ የመጣበት ሌላ ነገር ነበር። "እንግዲህ" አለ ከማሽኑ ሥር ሆኖ፣ "የዚህም ዘመዱ ከምድር ሥር ነው ማለት ነው። የጋራዡ ዘይት ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ነጭ ለብሶ ዳቦ ቤት ገባ።"

"የጋራዡን ዘይት ነው ዳቦ ላይ የማፈሰው ልትለኝ ነው?" ጋጋሪው ተቆጣ።

"አይደለም። ይሄ የጠራ ነው፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ። ሰው አይጎዳም። ሳሙና ግን አይሆንም። አጎትና የአጎት ልጅ ናቸው፤ ጠባያቸው ለየቅል ነው፣ አጥንታቸው ግን አንድ ነው።"

"ታዲያ ለምን ከኔ ወሰድክ?"

"ከወጥ ቤት ወጣ ብዬ።"

ጋጋሪው ቅንድቡን ጠራረገ፤ ዱቄቱ ረገፈ። "የሚሠሩት ልጆችም ዘይት ነው፣ ጋሽ አፍንጫ ይወስዳል ብለው አጠራቀሙልህ። ቦይ ውስጥ ከሚደፉት ብዬ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።"

ጋሽ አፍንጫ ገና ማሽኑን አልለቀቀም። "ይህች ቧንቧ ግን ብዙ ታንጠባጥባለች። ማጥበቂያዋ ላልታለች። ቆርቆሮው ቶሎ አያልቅባችሁም?"

"በጣም እንጂ!"

ማጥበቂያዋን በጣቱ አዞራት። ጠብታው ቀነሰ፣ ሊጡም እንደ በፊቱ ሳይጣበቅ መውጣቱን ቀጠለ።

በመልሱ መንገድ ሳሙና ሠሪዋ ከበርሜሎቹ መሃል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "አብዝተህ አምጣ ያልኩህ እኔ ነኝ" አለች።

"ሰማሁ እትዬ።"

"ስንት ጊዜ እንድለው ነው?"

"አንድ ጊዜ ይበቃል። ሞተሩ እየጮኸ ነው እንጂ ሰምቻለሁ።"

ሰኞ ስለሚሠራው ሳሙና ተነጋገሩ። ቢጫው በርሜል ውስጥ የቀረው ተደባልቋል፤ መለየት አይቻልም። ማጣሪያ ፋብሪካው የወጥ ቤት ስብ የገባበትን አይቀበልም። ስለዚህ ለጡብ መተኮሻ ማገዶ ይሄዳል፤ እዚያ ይነዳል እንጂ ማንም አያጣራውም። በርሜሉ በፍል ውኃና በሳሙና ይታጠባል። ለሰኞው እሑድ ዞሮ ከዓሣ ጠባሹ፣ ከድንች ጠባሿና ከዶሮ ቤቱ አዲስ ይሰበስባል። ከዳቦ ቤቱ የቦምቦሊኖውን ብቻ።

"እና ከእንግዲህ" አለች፣ "አዲስ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ብርጭቆ፤ ቀጥሎ በርሜል።"

"መጀመሪያ ጥያቄ" አለ እሱ። "ምን ስትሠራ ነበር ብዬ እጠይቀዋለሁ። ከዚያ ብርጭቆ።"

ላብ ያወጣውን ሳሙና ልትጥለው ነበር። መካኒኩ ወሬውን ሰምቶ መጣና አንድ ቁራጭ በእጁ አሸት አሸት ሊያደርግ ሲል ተቆጣችው፤ ዘይት ያላገኘ ኮስቲክ ተርፎበታል፣ ቆዳ ይልጣል። እንደገና አቅልጣ፣ ምላስ መንዘሩን እስኪተው ድረስ የዓሣ ጠባሹን ዘይት እየጨመረች አበሰለችው። የማዕድን ዘይቱ ግን ውስጡ ተበትኖ ቀረ። ሳሙናው ለስለስ ያለ፣ ለአንሶላ የማይሆን ነገር ሆነ።

መካኒኩ እንደገና ሞከረው። ያለ ውኃ እጁ ላይ ሲያሸው ጥቁሩ ቅባት ከጥፍሩ ሥር ሳይቀር እየሟሟ ወጣ፤ ከዚያ ታጠበው። እጁን አገላብጦ አየ። "የማን እጅ ነው ይሄ?" አለ። "ሚስቴ ቤት አታስገባኝም፤ ሌላ ሰው ነው ትላለች።" ነገሩ ግልጽ ነበር፤ የሞተሩን ቅባት ዘመዱ የሆነው ነጭ ዘይት ይፈታዋል፣ ሳሙናው ደግሞ ሁለቱንም ይዞ በውኃ ይሄዳል። ጋራዡ ያን ሙሉ ሣጥን ወሰደ።

የሰኞው ሳሙና በማግሥቱ ደርቆ፣ ነጣ ብሎ፣ በሽቦ ሲቆረጥ ጠርዙ ሳይሰበር ወጣ። ሳሙና ሠሪዋ ቁራጩን በምላሷ ነካች፤ አልነዘራትም። በጣቷ ተጫነችው፤ አልተሰረጎደም። ለልብስ ማጠቢያ ቤቱ መላኩን ትታ መጀመሪያ ወደ ጋሽ አፍንጫ ዞረች። "የሚቀጥለውን ዘይት መቼ ታመጣለህ?" አለች። በትልቁ መኪና የሚሰበስቡትን ሰዎች ዳግመኛ አላነሳቻቸውም።

ተሽከርካሪው ላይ አሁን ሦስተኛ ዕቃ ታስሯል፤ ትንሽ፣ ነጭ የተቀባ፣ ለዳቦ ቤቱ ማሽን ዘይት የሚሆን። ማጣሪያ ፋብሪካው እሱን ለብቻው በደስታ ይቀበላል፤ ንጹሕ ነውና።

ከቤቱ የጠፉት የሻይ ብርጭቆዎች ግን አልተመለሱም። ጋሽ አፍንጫ ሥራ በማይኖረው ሰዓት በመኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ደርድሮ ያገኘውን ዘይት ሁሉ ይፈትንባቸዋል። የልብስ ሰፊውን የማሽን ዘይት ፈተነ፤ እምቢ አለ። ከጎረቤት ያመጣውን ለመብራት የሚነድ የወይራ ዘይት ፈተነ፤ ሳሙና ሆነ። ከፀጉር አስተካካዩ የመቀስ ማለስለሻ ጠብታ ሲቀበል ሰውየው "ጋሼ ደኅና ነህ?" አለው።

አንድ ቀን ሚስቱ ራሷን ልትቀባ ብትፈልግ የፀጉር ዘይቷ ጎድሏል። ወደ መስኮቱ አየች። ከብርጭቆዎቹ አንዱ ሥር የፀጉሯ ማበጠሪያ ቁራጭ አለ።

"አንተ! የኔንም?"

"ትንሽ ብቻ ነው።"

ልትሰድበው አፏን ከፍታ ነበር። ሆኖም ወደ ብርጭቆው ቀረብ አለች፤ ወደ ብርሃኑ አነሳችው። ኮስቲኩ ከሥር፣ ዘይቱ ከላይ፣ በመካከላቸው ያ ቀጭን መስመር።

"ሳሙና አልሆነም" አለች።

"አልሆነም።"

ብርጭቆውን አንቀሳቀሰችው፤ መስመሩ ተናግቶ ተመለሰ። እጇን ወደ ፀጉሯ ሰደደች።

"ታዲያ ስቀባው የኖርኩት ምንድን ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለ እሱ፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ እያስጠጋላት። "ከጠርሙሱ ጀርባ ያለውን አንብቢልኝ እስቲ።"